ለትምህርታዊ ካሩሴል ቁልፍ ቃልና ሃሽታግ አመራረጥ፦ በአንድ የጅማ ቡና ፖስት ላይ የተሠራ ዝርዝር መመሪያ

ጅማ ውስጥ ስለ ቡና፣ ስለ ጤና፣ ስለ 12ኛ ክፍል ፈተና ካሩሴል የሚሠሩ ወጣቶች ሞልተዋል። ሥዕሉ ያምራል፣ መረጃውም ትክክል ነው፤ ግን ከተከታዮቻቸው አልፎ የሚያየው የለም። እንዲህ ዓይነቱን ፖስት ከፍታችሁ ካፕሽኑን ብታነቡት ብዙውን ጊዜ ያው ችግር ነው የምታገኙት፦ ሰው ሲፈልግ የሚጽፈው ቃል እዚያ ውስጥ የለም። ከሥር ግን ሃሽታግ ተደርድሯል።

ይህ መመሪያ ለኢንስታግራም ነው። የምንሠራበትም ምሳሌ አንድ ብቻ ነው፤ እሸት ቡና የማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሻጋታ ሳይዘው ጀንፈል እስኪሆን ድረስ ያለውን አሠራር የሚያስተምር ባለ ስምንት ስላይድ ካሩሴል። የእናንተ ርእስ የወባ መከላከያም ይሁን የፊዚክስ ቀመር መንገዱ ያው ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር እንለይ። የኢንስታግራም ፍለጋ ሰው የጻፈውን ቃል ከአካውንት ስም፣ ከባዮ፣ ከካፕሽን፣ ከሃሽታግና ከቦታ ጋር ያስተያያል። ድርጅቱ ራሱ በ2021 ፍለጋ እንዴት እንደሚሠራ ሲያብራራ፣ ቁልፍ ቃልና ሃሽታግ ኮሜንት ውስጥ ሳይሆን ካፕሽን ውስጥ ይግባ ብሎ ነው የመከረው። ስለዚህ «ለውበት» እየተባለ ሃሽታጉን የመጀመሪያው ኮሜንት ላይ መደበቅ ጥቅም የለውም። የኢንስታግራም ኃላፊ አዳም ሞሴሪም ሃሽታግ ተደራሽነትን ይህን ያህል እንደማያሳድግ ደጋግሞ ተናግሯል። ሃሽታግ ፖስቱ ስለ ምን እንደሆነ ይመድባል፤ ሰው ዘንድ የሚያደርሰው ግን በካፕሽኑ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያለው ቃል ነው። ጊዜያችሁንም በዚያው ልክ ከፋፍሉት፤ ለቃሉ ብዙ፣ ለሃሽታጉ ጥቂት።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን ከሰው አፍ ልቀሙ

ካፕሽን ለመጻፍ ከመቀመጣችሁ በፊት የሚመለከታቸውን ሰዎች አነጋግሩ። ለቡናው ምሳሌያችን ሦስት ዓይነት ሰው ይበቃል፦ ማና ወይም ጎማ ወረዳ ቡና ያለው አንድ ገበሬ፣ ሄርማታ መርካቶ አካባቢ ቡና የሚሰበስብ ነጋዴ፣ እና ግብርና የሚያጠና ተማሪ። «ስለ ቡና አደራረቅ ምን ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ እንዲህ ከጠየቃችሁ የመጽሐፍ መልስ ነው የሚመጣላችሁ። «አባባ፣ ባለፈው ዓመት ቡናው ሲደርቅ ምን አስቸገረዎት?» በሉና ዝም ብላችሁ አዳምጡ።

ገበሬው «ኧረ ተወኝ ልጄ፣ ዝናቡ መጣና ሻገተብኝ፤ ነጋዴውም ሽታ አለው ብሎ ዋጋ ጣለብኝ» ይላል። ነጋዴው ስለ እርጥበትና ስለ ጀንፈል ያወራል። ተማሪው ደግሞ «ድኅረ ምርት አያያዝ» ይላል። ሦስቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ ስልክ ላይ የሚጽፉት ግን የተለያየ ነው። አብዛኛው አስተማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ተማሪው የሚጠቀምበትን ቃል ለገበሬው ልጅ ይጽፍለታል፤ የገበሬው ልጅ ደግሞ «ድኅረ ምርት» ብሎ በሕይወቱ ፈልጎ አያውቅም። እሱ የሚጽፈው «ቡና ሲሻግት» ወይም «ቡና ማድረቅ» ነው።

የሰማችሁትን እንዳለ ማስታወሻ ላይ አስፍሩት፤ አታሳምሩት። ከዚያ ካሩሴሉ ከእነዚህ ውስጥ ለየትኛው ጥያቄ እንደሚመልስ ወስኑ። አንድ ካሩሴል፣ አንድ ጥያቄ። እኛ የገበሬውን እንያዝ፤ እሸት ቡና ሲደርቅ ለምን ይሻግታል፣ እንዴትስ ይከላከሉታል?

ደረጃ 2፦ አንዱን ቃል በየአጻጻፉ ፈትሹ

አማርኛ የሚጽፍ ሰው ከሌላው የበለጠ ሥራ ያለበት እዚህ ነው። ሐ፣ ሀ እና ኀ ስንናገራቸው አንድ ናቸው፤ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐም እንደዚያው። ለሃሽታግ ግን እያንዳንዱ ፊደል ሌላ ነው። #ፀሐይ፣ #ጸሐይ፣ #ፀሀይ እና #ጸሀይ አራት የተለያዩ ሃሽታጎች ናቸው፤ በየአንዳንዳቸው ሥር ያሉት ፖስቶችም አይገናኙም። የከተማችን ስም እንኳ ጅማ እና ጂማ ተብሎ ይጻፋል። በላቲን ሲሆን Jimma አለ፣ Jima አለ፤ በዓለም የቡና ገበያ ደግሞ የአካባቢያችን ቡና የሚታወቀው Djimmah በሚል የቆየ አጻጻፍ ነው። የውጭ ገዢና ቡና ቆዪ የሚፈልገው በዚህኛው ነው።

በዚያ ላይ ብዙ ሰው ስልኩ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ስለሌለው ወይም ስለሚሰንፍ buna madrek ብሎ በላቲን ይጽፋል። ጅማ ላይ ደግሞ አፋን ኦሮሞ አለ። በቁቤ የሚፈልገው ሰው buna gogsuu ሊል ይችላል። ቋንቋው አፍ መፍቻችሁ ካልሆነ አንድ ጎረቤት ያንብብላችሁ፤ የተሳሳተ ቁቤ ከሌለው ይብሳል።

አሁን የሰበሰባችሁትን እያንዳንዱን አጻጻፍ ኢንስታግራም ፍለጋ ላይ አንድ በአንድ ጻፉት። ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ ጽፋችሁ ሳትጨርሱ ከሥር የሚወርዱት ጥቆማዎች ምን ይላሉ? እነዚህ በጥሬው የሰው ፍለጋ ስለሆኑ ከናንተ ግምት ይሻላሉ። ሁለተኛ፣ ፍለጋው ሲከፈት የሚመጡት ፖስቶች የናንተን ይመስላሉ ወይ? «ቡና ማድረቅ» ብላችሁ የእርሻና የማድረቂያ አልጋ ፎቶ ከመጣ ቃሉ ትክክለኛ ቦታ ላይ ነው። ጀበና፣ ፈንዲሻና የካፌ ማስታወቂያ ከመጣ ቃሉ ያዘነበለው ወደ ሌላ ነው፤ አንድ ቃል ጨምራችሁ አጥብቡት።

ባዶ የሚመጣ ፍለጋም አለ። ይህ ሁለት ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ ወይ ማንም አይፈልገውም፣ ወይ ማንም አልጻፈበትም። ለመለየት ደረጃ 1 ላይ የጻፋችሁትን ማስታወሻ ተመልከቱ። ሰው በአፉ ያለውን ቃል ፍለጋው ባዶ ቢያሳያችሁ ያዙት፤ ክፍት ቦታ ነው። ከመጽሐፍ ብቻ የመጣ ቃል ባዶ ከሆነ ግን ጣሉት።

ከብዙ አጻጻፍ መካከል አንዱን ዋና አድርጉና በሁሉም ፖስቶቻችሁ ላይ በዚያው ጽኑ። እኔ ብዙ ሰው የሚጽፈውን እመርጣለሁ፤ የፊደሉን ትክክለኛነት የሚጠነቅቅ ሊቆጣኝ ይችላል፣ ግን ፈላጊው በሚጽፈው ነው የሚያገኘን። በስላይዱ ላይ ጥንቃቄ ያለው አጻጻፍ መጠቀም ትችላላችሁ፤ ማንም አይከለክላችሁም።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያው መስመር

ካፕሽን እስከ 2,200 ፊደልና ምልክት ይይዛል። ሰው «more» የሚለውን ሳይነካ የሚታየው ግን የመጀመሪያዎቹ 125 ገደማ ብቻ ናቸው። ይህች ቦታ የምትባክነው በሰላምታ ነው። ብዙ ገጽ ላይ እንዲህ ታያላችሁ፦

```
ሰላም ውድ ተከታታዮቻችን እንዴት ከረማችሁ? ዛሬም እንደተለመደው ጠቃሚ ትምህርት ይዘንላችሁ ቀርበናል፣ እስከ መጨረሻው አብራችሁን ቆዩ!
```

ጨዋነቱ ጥሩ ነው፤ ግን ቡና የለም፣ ሻጋታ የለም፣ ጅማ የለም። ይህን መስመር ለወባ ፖስትም ለሒሳብ ፖስትም ብትለጥፉት ይሄዳል። በዚህ ምትክ፦

```
ቡና ማድረቅ ጅማ ውስጥ፦ እሸት ቡና አልጋ ላይ ተሰጥቶ ለምን ይሻግታል? ከለቀማ እስከ ጀንፈል ያለው አሠራር።
```

ይህ 70 ፊደል ገደማ ነው፤ ሁሉም ይታያል። «ቡና ማድረቅ» ፊት ለፊት ሳይቆራረጥ ተቀምጧል፣ ቦታው አለ፣ የገበሬው ጥያቄ አለ፣ የነጋዴውም ቃል አለ። የሰላምታውን ነገር ካልቻላችሁ መጨረሻ ላይ አድርጉት።

«ሳይቆራረጥ» ያልኩት በምክንያት ነው። የአማርኛ ቃል ከፊትም ከኋላም ይለጠፍበታል፤ ቡናን፣ ለቡናው፣ በቡናችን እያልን ነው የምንጽፈው። ፍለጋው የእነዚህን ሁሉ ሥር አንድ ነው ብሎ ያውቃል ብላችሁ አትተማመኑ። ዋናው ቃል ቢያንስ አንድ ጊዜ ባዶውን፣ ምንም ሳይለጠፍበት ካፕሽኑ ውስጥ ይኑር። ከዚያ በኋላ እንደ ልባችሁ አርቡት።

ይኸው መስመር አጠር ብሎ የመጀመሪያው ስላይድ ላይም ይጻፍ። ሁለተኛውን ስላይድም አትርሱት፤ ሰው አይቶ ሳይገፋው ያለፈውን ካሩሴል ኢንስታግራም ሌላ ጊዜ ከሁለተኛው ስላይድ ጀምሮ ሊያሳየው ይችላል። ሁለተኛው ስላይድ «ባለፈው እንዳልነው» ብሎ የሚጀምር ከሆነ ያ ሰው ምንም አይገባውም። እዚያም ላይ «እሸት ቡና ለምን ይሻግታል?» የሚል ርእስ ይኑር።

ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ደግሞ የፕሮፌሽናል አካውንቶች ሕዝባዊ ፖስት ጉግል ፍለጋ ላይ መውጣት ይችላል፤ ባለቤቱ 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፣ በሴቲንግም መዝጋት ይቻላል። ጥያቄና መልሱን ግልጽ አድርጎ የሚጀምር ካፕሽን ለዚህም ይመቻል።

ደረጃ 4፦ የካፕሽኑ ሆድ

እዚህ ስላይዱ ላይ ያለውን ትምህርት በሦስት አራት ዐረፍተ ነገር መልሳችሁ ንገሩ። ቁልፍ ቃላቱ በራሳቸው ይገባሉ፤ ምክንያቱም ጉዳዩን ያለነሱ መናገር አይቻልም። የኛ እንዲህ ይሆናል፦

```
የተለቀመው ቀይ ፍሬ ወፍራም ሆኖ ከተሰጣ ከሥር ያለው አየር አያገኝም፤ ሻጋታ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የማድረቂያ አልጋ ላይ ውፍረቱ ከ4 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። በቀን ደጋግመን እናገላብጣለን፤ ማታና ዝናብ ሲመጣ እንሸፍናለን። እርጥበቱ ወደ 11 በመቶ ገደማ ሲወርድ ደረቅ ቡና፣ ማለትም ጀንፈል፣ ወደ ጎተራ ይገባል።

Buna madrek: yeJimma buna aderarek.
Drying natural coffee on raised beds in Jimma (Djimmah), Ethiopia.

#የጅማቡና #BunaJimmaa #CoffeeProcessing #ግብርና
```

በላቲን የተጻፉት ሁለት መስመሮች ለጌጥ አይደሉም። አንዱ በላቲን አማርኛ ለሚፈልገው ወጣት፣ ሌላው ለውጭ ገዢና ለተመራማሪ ነው። ካሩሴሉ አማርኛ ብቻ ከሆነና የውጭ ሰው መጥቶ ምንም የማይገባው ከሆነ ግን የእንግሊዝኛውን መስመር አውጡት። ሰው መጥቶ ወዲያው ቢመለስ ፖስቱን ይጎዳዋል እንጂ አይጠቅመውም።

እዚህ ላይ የሚታየው ሌላው ጥፋት ቃል መደርደር ነው፦ «ቡና፣ የቡና፣ ቡና ማድረቅ፣ የቡና አደራረቅ፣ የቡና ትምህርት፣ ቡና ጅማ»። ለማወቅ ቀላል ነው፤ ካፕሽኑን ለአንድ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ካሳቀው ወይም ግራ ካጋባው አንሱት።

ደረጃ 5፦ ሃሽታጎቹ

ኢንስታግራም በ2021 የመከረው ከ3 እስከ 5 ነው። እኛ ከላይ አራት ነው የመረጥነው። ያልመረጥናቸው ብዙ ያስተምራሉና እንዴት እንደደረስንበት እንይ።

#ቡና ሰፊ ነው። ያንን ሃሽታግ ከፍታችሁ ስታዩ የቡና አፈላል ሥነ ሥርዓት፣ የካፌ ሥራና የጠዋት ሰላምታ ፎቶ የበዛበት ከሆነ፣ የማድረቂያ አልጋ ሥዕል እዚያ መሐል ምን ይሠራል? #Jimma ላይም ሠርግ፣ ምርቃትና የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጉብኝት ካገኛችሁ ያው ነው። ለቦታው ሃሽታግ ከማባከን የፖስቱን ሎኬሽን ጅማ ብሎ መሙላት ይበቃል። እንደ #fyp እና #viral ያሉት ስለ ምንም ስላልሆኑ ስለ ፖስታችሁም ምንም አይናገሩም።

ያስቀረናቸው አራቱ እያንዳንዳቸው ሌላ ሰው ይጠራሉ። #የጅማቡና አማርኛ የሚያነብ የአካባቢውን ሰው፣ #BunaJimmaa በቁቤ የሚያነበውን፣ #CoffeeProcessing የሙያ ሰውን፣ #ግብርና ደግሞ በአገር ደረጃ እርሻ የሚከታተለውን። ሁለት ሃሽታግ የሚጠሩት አንድ ሰው ከሆነ አንዱ ይበቃል። ለእያንዳንዱ የምጠቀምበት ፈተና አንድ ነው፤ ከፍቼ የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ፖስቶች አያለሁ፣ ከእነርሱ መሐል ቢያንስ ግማሹ የኔን ካሩሴል የሚፈልግ ሰው የሚወደው ዓይነት ካልሆነ እተወዋለሁ። የፖስት ብዛቱ ቁጥር ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። ብዙ ሺህ ፖስት ያለበት ሃሽታግ የናንተን በደቂቃ ሊቀብረው ይችላል፤ ጥቂት ያለበት ደግሞ ሕያው ይሁን አይሁን የመጨረሻውን ፖስት ቀን አይታችሁ ለዩ።

አሁን ደግሞ የፊደሉ ወጥመዶች። ሃሽታግ ክፍት ቦታ አይቀበልም፤ «#የጅማ ቡና» ብትሉ የሚያዘው #የጅማ ብቻ ነው። አራት ነጥብም፣ ነጠላ ሰረዝም፣ ነቁጥም ይቆርጠዋል። የመለያያ ሰረዝ ሳይሆን የታች ሰረዝ ነው የሚሠራው፤ ግን #የጅማ_ቡና እና #የጅማቡና ሁለት የተለያዩ ስለሆኑ ሁለቱንም ከፍታችሁ ሰው ያለበትን ምረጡ። በላቲን ትልቅና ትንሽ ፊደል ልዩነት ስለሌለው #BunaJimmaa ብላችሁ ለዓይን እንዲመች መጻፍ ትችላላችሁ።

የአማርኛ ጸሐፊን የሚያጠምደው ሌላም አለ። ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ስለ#ቡና» ወይም «በ#ጅማ» ብሎ ማጣበቅ። ከፊቱ ፊደል የተጣበቀ # ሃሽታግ መሆኑ ሊቀር ይችላል። «#ቡናን» ብትሉ ደግሞ ሃሽታግ ይሆናል፤ ግን ማንም የማይከፍተው ሌላ ሃሽታግ። መድኃኒቱ ሃሽታጎቹን ከዐረፍተ ነገር አውጥቶ ካፕሽኑ መጨረሻ ላይ ባዶአቸውን መደርደር ነው። ከለጠፋችሁ በኋላ እያንዳንዱን ነካ ነካ አድርጉት፤ ቀለሙ ያልተለወጠ ወይም መሐል ላይ የተቆረጠ ካለ ወዲያው ይታያችኋል።

ቲክቶክ ላይ ይኸንኑ ካሩሴል በፎቶ መልክ የምትለጥፉ ከሆነ ካፕሽኑን እንዳለ መውሰድ ይቻላል፤ ፍለጋውን ግን እዚያው እንደገና ፈትሹት፣ ሰዉም ጥቆማውም ሌላ ነው።

ደረጃ 6፦ ስላይዱ ላይ ያለው ጽሑፍ

ሥዕል ላይ የተጻፈ ፊደል ለማየት ያምራል እንጂ ለፍለጋ አትመኩበት። ፖስቱን ከመልቀቃችሁ በፊት «Write alt text» የሚለውን ፈልጉና ለየስላይዱ አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ፤ ለምሳሌ «ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ በስሱ የተሰጣ ቀይ እሸት ቡና፣ ማና ወረዳ»። በትክክል ያለበትን ወረዳ አስገቡ፤ ማና ከሆነ ማና፣ ጌራ ከሆነ ጌራ። ይህ ዓይናቸው ለማያይ ሰዎች በስልኩ የሚነበብ መግለጫ ስለሆነ ቃል መደርደሪያ አታድርጉት።

ደረጃ 7፦ ጊዜና ልኬት

ጅማ አካባቢ ዋናው የቡና ለቀማ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። «ቡና ሻገተብኝ» የሚለው ፍለጋም የሚመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ካሩሴሉ መስከረም ላይ ከተለጠፈ ለቀማው ሲደርስ ቦታውን ይዞ ይጠብቃል፤ ጥር ላይ የተለጠፈ ግን ምንም ጥሩ ቢሆን ዓመት ሊጠብቅ ነው። የፈተና ትምህርት የምትሠሩም የራሳችሁን ወቅት አስቡ።

ከተለጠፈ በኋላ ኢንሳይትስ ውስጥ ገብታችሁ መጀመሪያ የምታዩት ካዩት ሰዎች ተከታዮቻችሁ ያልሆኑት ድርሻ ነው። ቀጥሎ ሴቭ እና ሼር። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲነበቡ ችግሩ የት እንደሆነ ይነግሯችኋል። ተከታይ ያልሆነው ድርሻ ትንሽ ሆኖ ሴቭ ከፍ ካለ ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ ቃሉ ግን አልደረሰም ማለት ነው፤ የመጀመሪያውን መስመር ለውጡ። እንግዳው ብዙ ሆኖ ሴቭ የሌለው ከሆነ ደግሞ የመጡት ሰዎች ሌላ ነገር ፈልገው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ሰፊ ሃሽታግ ነው፣ እሱን አውጡት። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ካፕሽኑን ትታችሁ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ፤ ጥያቄው የሰው ጥያቄ ላይሆን ይችላል።

ላይክ ላይ አትፍረዱ። ዘመድ ወዳጅ ሳያነብ ላይክ ያደርጋል፤ ቡናውን ሊያደርቅ የተዘጋጀ ሰው ግን ሴቭ ያደርጋል።

ካፕሽን ከተለጠፈ በኋላም መታረም ይችላል፤ ፖስቱን አጥፍቶ እንደገና መለጠፍ አያስፈልግም። ስታርሙ ግን አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ መስመሩን ከለወጣችሁ ሃሽታጉን አትንኩ። ከፍለጋ የሚመጣ ሰው ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ስጡት፤ የነበረውንና የተለወጠውን መስመር ከነቀኑ ማስታወሻችሁ ላይ ጻፉ። በዚያው ጊዜ ከራሳችሁ አካውንት ሳይሆን ገጻችሁን ከማይከተል ጓደኛ ስልክ ላይ «ቡና ማድረቅ» ብላችሁ ፈልጉ። የራሳችሁ ስልክ የራሳችሁን ፖስት ማሳየት ይወዳል።